ተቆርጦ ያልደረሰ ብር የት ነው ያለው?

«ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ላለ ሰው፣ ወደ ሌላ ባንክ 18,500 ብር በሞባይል ላክሁ። ከኔ ተቆርጧል፣ እሱ ግን አልገባልኝም ይላል። አፑ "ምላሽ አልተገኘም" ነው የሚለው። ቅርንጫፍ ስሄድ ጠብቅ አሉኝ። ብሬ የት ነው? ለምን አሁኑኑ አይመልሱልኝም?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ ደግመህ እንዳትልክ። ሁለተኛው አዲስ ሪፈረንስ ቁጥር ስለሚይዝ ለሲስተሙ ሌላ ክፍያ ነው። የፊተኛው ዘግይቶ ከገባ ሰውዬው 37,000 ይዞ ታገኘዋለህ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ባንክ ውስጥ ሂሳብ ማስታረቅ ላይ ሠርቻለሁ። እንዳንተ ተናድዶ የሚመጣ ሰው በየቀኑ ነበር።

ልጅ ብር አስይዘህ ከፍኖተ ሰላም ጅጋ ላክህ እንበል። ክረምት ነው፣ ድልድይ የለም፣ ብር ወንዝ ሞላ። (ስሙም ብር መሆኑ ይገርማል።) ልጁ እስከ ማታ አልተመለሰም። ሳያደርስ ነው የቀረው ወይስ አድርሶ ሲመለስ ወንዙ ያዘው? ከዚህ ማዶ ቆመህ አታውቅም። የባንክህም ነገር እንዲሁ ነው። ትእዛዝህ ከባንክህ ተነስቶ ባንኮችን ወደሚያገናኘው ስዊች፣ ከዚያ ወደ ተቀባዩ ባንክ ይሄዳል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ባንክህ መልሱን የሚጠብቀው ለሰከንዶች ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ «ምላሽ አልተገኘም» ይልሃል። አልተላለፈም ማለቱ ግን አይደለም። እስኪጣራ ድረስ ብርህ በባንክህ ማቆያ ሂሳብ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይም እዚያው ሂሳብህ ላይ ይታገዳል።

ቶሎ መመለስ ምን እንደሚያመጣ ያየሁት በአንድ የጤፍ ነጋዴ ነው። ከቢቸና 42,000 ብር ለአንድ ገበሬ ላከ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፣ የኛው ባንክ መስመር ለጥቂት ደቂቃ ወድቆ ነበር። ገበሬው ስልኩ ላይ መልእክት አልመጣም አለ። ነጋዴው ቅርንጫፉን አተራመሰው። አንድ የሥራ ባልደረባችን አዘነለትና አለቃውን አስፈርሞ በእጅ መለሰለት። ነጋዴው እዚያው ለሌላ ሰው ከፈለበት።

በማግስቱ የስዊቹን ሪፖርት ከኛ መዝገብ ጋር ሳስተያይ ያ ክፍያ «ተሳክቷል» ተብሎ ተቀምጧል። ብሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ገበሬው ሂሳብ ገብቶ ነበር። የጠፋው መልሱ ነው፤ የገበሬውም ስልክ ኔትወርክ በሌለበት ነበር። ስዊቹ 42,000ውን ከኛ ባንክ ሂሳብ ላይ ቀንሶ ለዚያኛው ባንክ አወራርዷል። እኛ ደግሞ ለነጋዴው መልሰናል። ጉድለቱ የኛ ሆነ። ገበሬው የጤፉን ዋጋ ነው የተቀበለው፣ እሱን መልስ ማለት አይቻልም። ነጋዴውን ለምነን ብሩን ለማስመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ታዲያ ለምን ያኛውን ባንክ አይጠይቁም ትላለህ። ይጠይቃሉ። በዚያው ሪፈረንስ ቁጥር «ይህ ክፍያ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ይላካል። «ገብቷል» ከተባለ ይጸድቃል፣ «ውድቅ አድርገነዋል» ከተባለ ይመለሳል። እነዚህ ቀላል ናቸው። የሚያስቸግረው «እንዲህ ያለ ክፍያ አላየንም» የሚለው መልስ ነው። ብዙ ሰው ይኼንን ሲሰማ በቃ አልደረሰም ይላል። ነገር ግን ትእዛዙ መንገድ ላይ ተሰልፎ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ቀድሞት ደርሶ፣ ክፍያው ከኋላ ይመጣል። አሁን መልሰውልህ ከሩብ ሰዓት በኋላ ጅጋ ቢገባስ? ስለዚህ ስዊቹ ክፍያው የተላከበትን ዙር ሂሳብ ዘግቶ ሪፖርቱ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ዘግይቶ የሚገባ ነገር የለም፤ ያለውም የሌለውም ቁርጡ ይታወቃል። እኛ ጋ ሪፖርቱን የሚያስተያየው ሰው በሥራ ቀን ብቻ ስለሚገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የተንጠለጠለ ብር ሰኞን ይጠብቅ ነበር። እሱን ቴክኖሎጂው አያመጣውም፣ የሰው እጥረት ነው።

አንተ አሁን ጅጋ ያለውን ሰው በመልእክት እንዳያጣራ ንገረው። ባንኩ ሄዶ ስቴትመንት ያስወጣ፣ መጠኑንና ሰዓቱን ይይ። የገባ ሆኖ መልእክቱ ብቻ የቀረበት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ካልገባ ሪፈረንስ ቁጥሩን ይዘህ ቅርንጫፍህ ተመለስ። «መቼ ይመለሳል?» ብለህ አትጠይቃቸው፣ ጠብቅ ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። «የዚያ ቀን የስዊች ሪፖርት ወጥቷል ወይ? የኔ ክፍያ ተሳክቷል ነው የሚለው ወይስ አልተሳካም?» ብለህ ጠይቅ። ሪፖርቱ ወጥቶ «አልተሳካም» እያለ አሁንም ጠብቅ ካሉህ፣ ያን ጊዜ በጽሑፍ አቤቱታ አስገባና ቅጂው ላይ ማህተም አስመታ።