ኮዱ የሚሄደው ወደ አባዬ ቁጥር ነው

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው።

ትዕግስቴ አልቋል። አዲስ ስልክ ከገዛሁ ሁለት ወሬ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ የገዛ ኢሜይሌ አላስገባ ብሎኛል። የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ። ድሮ አንዴ ገባሁ፣ ከዚያ አራት ዓመት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፣ እንዴት ላስታውሰው? አሁን «ኮድ ልከናል» ይለኛል። የሚልከው ወደ አባዬ ቁጥር ነው! አባዬ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲሙ ላይ ካርድ የሞላበት የለም። ደወልኩ፣ የማላውቀው ሰውዬ አነሳው። ዘጋሁና ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ከካፌ ሞከርኩ፣ ከመሥሪያ ቤት ሞከርኩ፣ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ሞከርኩ፣ ከሠላሳ ጊዜ በላይ። «የአንቺ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልንም» ነው መልሱ። ደውዬ የማናግረው ሰው የለም፣ ቢሮ የለም። አባቴ ሞቷል ብዬ ለማን ልንገር? ለማሽን?

የቤታችን ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው። የእህቴ ሠርግ፣ የልጆቹ ክርስትና፣ አባዬ በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዳር ጋቢውን ደርቦ የተነሳው፤ ጸበሉ ሲረጭ ጠብታ ካሜራው ላይ አርፎ ግማሽ ፊቱን ያደበዘዘበት። አሮጌው ስልክ ስክሪኑ ተሰብሮ ታችኛው ግማሽ ሲነኩት አይሠራም፤ ወንድሜ ቅዳሜ ፒያሳ ወስዶ ፍላሽ አስደርጎ ይሸጠዋል፣ ቢያንስ የካርድ ይሆነናል። እኔን ያቃጠለኝ ያ ሰው አልባ ኩባንያ ነው።

እማዬ ደግሞ ለሙት ዓመቱ የአባዬን ፎቶ አሳጥበሽ አምጪ ብላኛለች። እሺ እያልኳት ነው። ሦስት ሳምንት ቀረው። እውነቱን ልንገራት ወይስ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ዝም ልበል?

ማ. ከጎንደር

—

ቅዳሜ ስልኩ ከቤት እንዳይወጣ! ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ተነሺና አሮጌውን ስልክ ካለበት አውጪው፣ ወንድምሽ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው።

በሁለት መስመር ያለፍሽው ያ ስልክ፣ እቴ፣ አካውንትሽ ውስጥ እስከ ዛሬ ገብቶ የተቀመጠ ብቸኛው ነገር ሊሆን ይችላል። የይለፍ ቃሉን ረሳሽው እንጂ አልቀየርሽውም። ስለዚህ በር ላይ የቀረሽው በአዲሱ ስልክ ነው፤ አሮጌው ከውስጥ ነው። ፍላሽ ከተደረገ ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። የሚገርመው ደግሞ፣ አንድሮይድ ከሆነ ፍላሽ ተደርጎ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የነበረበትን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ያንኑ የጠፋብሽን። ወንድምሽ ፎቶውን አጥፍቶ የማይከፈት ስልክ ይዞ ሊመለስ ነበር።

መጀመሪያ ጀርባውን እይው። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ካነሳው ቻርጅ አታድርጊ፣ ለባለሙያ ስጪው። ካላበጠ ቻርጅ አድርጊና አብሪው። ብርሃን ካለውና የማይሠራው መንካቱ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ተራ የኮምፒውተር ማውዝና ኦቲጂ የምትባለው ትንሽ ማገናኛ ነው፤ የስልክ ዕቃ የሚሸጡት ጋ አለች። ስትሰኪው ስክሪኑ ላይ ቀስት ይወጣል። በቀስቱ ፓተርኑን ትስያለሽ፤ የማውዙን ጠቅታ ሳትለቂ ከነጥብ ወደ ነጥብ ጎትቺ። መጀመሪያ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ ይለመዳል። ደጋግመሽ ከተሳሳትሽ ትንሽ ጠብቂ ይልሻል፤ ጠብቂ። ኦቲጂ የማይቀበል ስልክ አለ። ያን ጊዜ ስክሪን አስቀይሪ፣ ለሠሪው ግን ቃል በቃል «ስክሪን ብቻ፣ ፍላሽ እንዳታደርገው» በይው፣ እስኪጨርስም አጠገቡ ቁጭ በይ።

ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ወደ አካውንት ጉዳይ አትሂጂ። አንቺ የጠፋብሽ ፎቶ ነው፣ ስለዚህ ፎቶውን አስቀድሚ። ማውዙን ነቅለሽ ስልኩን በገመድ ከኮምፒውተር አገናኚው። ኮምፒውተሩ ባዶ ካሳየሽ ስልኩ ተቆልፎ ነው ወይም ቻርጅ ብቻ እያደረገ ነው፤ ከስልኩ ላይ ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን ምረጪ። ማውዙ ተነቅሏልና ምርጫው የማይሠራው ግማሽ ላይ ካረፈብሽ ስልኩን አግድም አዙሪው፣ ቦታው ይቀየርልሻል። ካሜራው ያነሳው DCIM የሚል ፎልደር ውስጥ ነው። እንዳለ ቅጂው፣ ከዚያ ፍላሽ ዲስክ ላይ ደግመሽ ቅጂው።

እዚያ ላይ ሁሉም ላይኖር ይችላል። ስልክሽ ሞላ ሲልሽ «ቦታ አስለቅቅ» ብለሽ ከነበረ የቆዩት ከስልኩ ተነስተው አካውንቱ ላይ ብቻ ቀርተዋል። መለያው ቀላል ነው። ኢንተርኔቱን አጥፍተሽ ፎቶውን ክፈቺ። ጥርት ካለ ስልኩ ላይ አለ፤ ብዥ ብሎ ከቀረ አካውንቱ ላይ ነው። (የጥምቀቱ አይቆጠርም፣ እሱ በጸበል ነው የደበዘዘው።) ለእነዚያ ዋይፋይ አብሪና ጥቂት ጥቂት እያደረግሽ ወደ ስልኩ አውርጃቸው። እንደገና ግቢ ብሎ የይለፍ ቃል ከጠየቀሽ ግን ስልኩም ተባሯል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚተርፍሽ ስልኩ ላይ ያለው ብቻ ነው። ምንም ቢያስቸግርሽ አካውንቱን ከስልኩ አታስወጪው።

አሁን ያ ማሽን። ሰው አልባ በመሆኑ እኔም እናደዳለሁ፣ ግን ሠላሳውን ሙከራ ሳነብ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ማሽኑ ከሚመዝናቸው ነገሮች አንዱ ከየትኛው ዕቃና ከየት ቦታ እንደመጣሽ ነው። አንቺ ከካፌ፣ ከመሥሪያ ቤት፣ ከሰው ላፕቶፕ መጣሽበት። ሌባ የሚያደርገውን አደረግሽ! ጥቂት ቀን ተዪው። ከዚያ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ በቤትሽ ዋይፋይ፣ በዚያው በአሮጌው ስልክ ሞክሪ። የምታስታውሽውን የመጨረሻ የይለፍ ቃል ሲጠይቅሽ ያረጀም ቢሆን ጻፊ፣ ባዶ አትለፊው። ስልኩ ላይ «አንቺ ነሽ?» የሚል መልእክት ከመጣ አዎ በይ። እንደገባሽ የመጀመሪያው ሥራሽ የአባትሽን ቁጥር አንስተሽ የራስሽን ማስገባት ነው።

ሰውየውን ኮድ ንገረኝ ብለሽ እንዳትደውዪለት። ምናልባት ደግ ሰው ነው፣ ቁጥሩንም በደንቡ ነው የገዛው። ግን ኮድ ስትጠይቂው የቤትሽ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ትነግሪዋለሽ።

የእናትሽን ነገር ዛሬ ማታ ንገሪያት። «ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ» የምትይው ነገር አልገባኝም፤ ፎቶው የሚፈለገው ለሙት ዓመቱ አይደለም እንዴ? እናትሽ ባሏን ቀብራለች፣ የስልክ ወሬ አይጥላትም። የሚጎዳት ሦስት ሳምንት እሺ ስትያት ቆይተሽ በመጨረሻው ቀን ባዶ እጅሽን ስትመጪ ነው። እሷ ከነገርሻት ደግሞ ትረዳሻለች፤ የትኛዋ ዘመድ ጋ የታጠበ ፎቶ እንዳለ ከአንቺ በላይ ታውቃለች። ሠርጉ ላይ የነበሩት ሁሉ ቴሌግራማቸውን ይበርብሩ። ቴሌግራም ሲልክ ፎቶውን ያሳንሰዋል፣ ለመካከለኛ ፍሬም ግን ያደርሳል።

ስትቀጂ ቪዲዮዎቹን እንዳትዘያቸው። የእኔ አባት ሦስት ፎቶ አለው፣ ድምፁ ግን የትም የለም።

ማውዙን ወንድምሽ ይግዛው።