ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ ላይ የታየው 1.7 ኪሎ

ጤና ይስጥልኝ። ክብደት ለመቀነስ ብዬ እንጀራ አሳንሻለሁ፣ ማታ ማታም በእግሬ እሄዳለሁ። በየቀኑ ጠዋት እመዘናለሁ። እሑድ ጠዋት 73.8 ነበርኩ። የዚያን ቀን የእህቴ ልጅ ክርስትና ስለነበር ዶሮ ወጡንም ቀይ ወጡንም በላሁ፣ ጠላም ጠጣሁ። ሰኞ ጠዋት ሚዛኑ 75.5 አለኝ! ተናድጄ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህም ቁጥሩ አንዴ ይወርዳል፣ አንዴ ይወጣል። የሦስት ሳምንት መዝገቤን ልኬልዎታለሁ። ስብ በአንድ ቀን እንዲህ ይጨምራል? እየቀነስኩ ነው ወይስ አይደለም?

ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እየቀነስሽ ነው። መዝገብሽ በግልጽ ያሳያል።

መጀመሪያ የስቡን ነገር እንጨርስ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው። በአንድ ቀን 1.7 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነትሽ ከሚያቃጥለው በላይ 13,000 ካሎሪ መብላት ነበረብሽ። ይህ የብዙ ሴቶች የስድስት ቀን ምግብ ነው። የትኛውም ድግስ እዚያ አያደርስም። ትንሽ ስብ ጨምረሽ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን በግራም የሚቆጠር ነው።

የቀረው ውሃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው። ትልቁን ድርሻ የያዘው ጨው ይመስለኛል። ሰውነታችን የደማችንን የጨው መጠን እንዲዛባ አይፈቅድም። ጨው ሲበዛ ይጠማናል፣ እንጠጣለን፣ ኩላሊትም ውሃውን ይዞ ይቆያል። ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው አለው፤ ከደማችን ጋር እንዲስማማ ተብሎ ነው። እንግዲህ በወጡ፣ በአዋዜውና በዳቦው ከለመድሽው በላይ 9 ግራም ጨው ከገባ፣ እስከ አንድ ሊትር ውሃ አብሮ ሊቆይ ይችላል። 9 ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ያህል ነው፤ ድግስ ላይ ሳይታወቅ ይገባል። አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ኩላሊት ትርፉን ጨው አጣርቶ ለማስወጣት ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል።

ሌላው እንጀራው ነው። ሰውነት ከእንጀራና ከዳቦ የሚያገኘውን ስኳር በጡንቻና በጉበት ያስቀምጣል፣ ለእያንዳንዱ ግራምም ሦስት ግራም ያህል ውሃ አብሮ ይይዛል። እንጀራ ስታሳንሺ ይህ ጎተራ ጎድሎ ነበር፤ እሑድ ተመልሶ ሞላ። የበላሽው ምግብም ቢሆን ሽንት ቤት እስክትሄጂ ድረስ ሆድሽ ውስጥ ይመዘናል። ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል።

አሁን ወደ መዝገብሽ እንሂድ። በድግሱ ማግስት 75.5፣ ከዚያ 75.0፣ 74.3፣ ሐሙስ 73.8። በሦስት ቀን ወደ ነበርሽበት ተመለስሽ። ስብ እንዲህ አይሟሟም፤ የወጣው ውሃው ነው። ምሳ ባትዘይም ይወጣ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሰባቱን ቀን ቁጥር ደምረሽ ለሰባት አካፍይ። የመጀመሪያው ሳምንትሽ ድምር 519.4 ነው፣ አማካዩ 74.2። የሁለተኛው 519.1 ነው፣ አማካዩ ያው 74.2 ገደማ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ «ሳምንቱን ሙሉ ለፍቼ ምንም» ይላል። ግን የሳምንቱ አማካይም በድግስ ይታለላል። የሰኞና የማክሰኞ ውሃ ሳምንቱን ሁሉ ወደ ላይ ጎትቶታል። ሦስተኛውን ሳምንት እይው፦ ድምሩ 512.5፣ አማካዩ 73.2። በሁለት ሳምንት አንድ ኪሎ ወርዷል፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ጥሩ አካሄድ ነው። ስለዚህ አንድ አማካይ ብቻ አይተሽ አትፍረጂ፤ ሦስት አራት ሳምንት ደርድሪ። አራት ሳምንት ሙሉ ንቅንቅ ካላለ ያኔ አመጋገብሽን መልሰሽ እይ።

የወር አበባሽ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናትም ውሃ ሊያዝ ይችላል። ያን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር አነጻጽሪው።

አመዛዘንሽም አንድ ዓይነት ይሁን። ጠዋት ተነስተሽ፣ ሽንት ቤት ሄደሽ፣ ቡና ሳትጠጪ፣ በቀላል ልብስ። ሚዛኑ ሁሌም አንድ ቦታ፣ ጠንካራና ለጥ ያለ ወለል ላይ ይቀመጥ። ምንጣፍ ላይ ከሆነ ቁጥሩን አትመኚው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ድግስ ሳይኖር ክብደትሽ በጥቂት ቀን ሁለት ኪሎና ከዚያ በላይ ጨምሮ፣ እግርሽ ካበጠ ወይም ስትተኚ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ አማካይ እስክታወጪ አትጠብቂ። የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ፤ መዝገብሽንም ይዘሽ ሂጂ።