«ዓይን» ወይስ «አይን»? በድረ ገጽ ርዕስ ላይ

ጥያቄ፦ በደሴ ለሚገኝ የዓይን ክሊኒክ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ርዕሱን «የዓይን ሕክምና በደሴ» አልኩት። ሰዎች ግን «አይን ህክምና ደሴ» ወይም «ayn hikmna dese» ብለው ነው የሚፈልጉት። ትክክለኛውን አጻጻፍ ልተወው?

መልስ፦ በጽሑፉ ውስጥ አይተዉት፤ በፍለጋ ውጤት ላይ በሚታየው ርዕስ ላይ ግን ለሚፈልገው ሰው እጅ ይስጡ። ዐይኑ ዐ እና አልፋው አ፣ ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ሕ U+1215 ነው፣ ህ ደግሞ U+1205። ዓይን፣ ዐይን፣ አይን በሕክምናና በህክምና ሲባዙ ስድስት አጻጻፍ ይወጣል። በብዙ የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ሐመሩን ለማግኘት ተጨማሪ መንካት ያስፈልጋል፤ ታማሚ እናቱን ይዞ ከሐይቅ ወደ ደሴ ለመምጣት የሚቸኩል ልጅ ያንን አያደርግም። ትልልቅ የፍለጋ ሞተሮች የፊደሎቹን ዝምድና አንዳንዴ ቢያውቁም ሁልጊዜ እንዲያውቁ አይጠብቁ። ሁለቱንም አጻጻፍ ፈልገው ውጤቶቹን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ወዲያው ይታያል።

ከፊደሉ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ «በደሴ» ነው። መስተዋድዱ «በ» ከስሙ ጋር ተጣብቆ ስለሚጻፍ፣ ቃላትን በክፍት ቦታ ብቻ ለሚለይ ፕሮግራም «በደሴ» እና «ደሴ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «የዓይን» ላይ ያለው «የ»ም እንዲሁ ነው። ፈላጊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ራቁቱን ይጽፋል። ስለዚህ በርዕሱ ላይ ከተማዋን ብቻዋን ያቁሟት።

የላቲኑ ነገር ሌላ ነው። ሳድስ ፊደል በላቲን የተወሰነ አናባቢ ስለሌለው አንዱ ayn፣ ሌላው ayin፣ ሦስተኛው ain ይላል፤ hikmna ደግሞ hikimina ይሆናል። ይህን ሁሉ በርዕስ ላይ መደርደር ርዕሱን ያበላሻል፤ ረጅም ርዕስም በውጤት ገጽ ላይ መሀሉ ላይ ይቆረጣል። በላቲን ይበልጥ የጸና አጻጻፍ ያለው የከተማው ስም ነው፤ Dessie በካርታም በሰሌዳም የሚታወቅ ነው። በእንግሊዝኛ የሚፈልገውንም አብረው ያገኙታል፦

```
<title>አይን ህክምና ደሴ | Dessie Eye Clinic</title>
```

በገጹ ውስጥ ግን ዋናው አርእስትም አንቀጾቹም «የዓይን ሕክምና» ይበሉ፤ ሥርወ ቃሉን የጠበቀው አጻጻፍ ይህ ነውና፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ያድርጉት። አንዱን አንቀጽ በዓይን፣ ሌላውን በአይን መጻፍ ለአንባቢ ቸልተኝነት ሆኖ ይታየዋል።

ገጹ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ የGoogle መሣሪያ በሆነው Search Console ውስጥ ሰዎች የጻፏቸውን ቃላት ያንብቡ። ከ«ህክምና» ይልቅ «የአይን ሀኪም» በርክቶ ካገኙት፣ በርዕሱ ላይ መለወጥ ያለበት ፊደሉ ሳይሆን ቃሉ ነው።