አንድ ምልክት ምን ያህል ድምፅ ይይዛል? የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ፊደላችን ሲላባሪ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ አቡጊዳ ይሉታል። የትኛው ነው ትክክል?

አቡጊዳ ነው። ሲላባሪ የሚባለው ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል የተለየ ምልክት የሚሰጥ አጻጻፍ ነው። በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባን ጎን ለጎን ጽፈው ይመልከቷቸው። የ«ብ» ድምፅ በየትኛው የቅርጹ ክፍል እንዳለ ዓይን ወዲያው ያገኘዋል። ካዕቡ ከወገቡ በስተቀኝ፣ ሣልሱ ከእግሩ ግርጌ ቅጥል ያወጣል፤ ያው ቅጥል በሱና በሲ፣ በቱና በቲም ላይ አለ። ተናባቢው መሠረት፣ አናባቢው ቅጥል ሆኖ ተለይቶ ይታያል ማለት ነው። ሲላባሪ ግን እንዲህ አይፈታም። በጃፓንኛው ሂራጋና ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ አምስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ የጋራ የሆነውን የ«ክ» ድምፅ የሚያሳይ አንድም ጭረት የላቸውም።

ሁለተኛው ማስረጃ ሳድሱ ነው፤ እኔ ከመጀመሪያው ይልቅ የማምነው ይህንን ነው። «ትምህርት» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። አምስት ፊደላት አሉት፤ አምስቱም ሳድስ ናቸው። ቀስ ብለው ሲጠሩት ግን «ትም» እና «ህርት» ብቻ ነው፤ ሁለት ክፍለ ቃል። አናባቢ የሚሰማው ከመጀመሪያው ት እና ከህ በኋላ ነው። ም፣ ር እና የመጨረሻው ት ባዶ ተናባቢ ናቸው። አንዱ የሳድስ ቅርጽ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ አንዳንዴ አጭር አናባቢ ያለበትን፣ አንዳንዴ ምንም አናባቢ የሌለበትን ተናባቢ ያሳያል። የቱ እንደሆነ የሚነግረን ጽሑፉ ሳይሆን አፋችን የለመደው የቋንቋው ሕግ ነው። ስለዚህ ፊደል እየቆጠረ የክፍለ ቃልን ብዛት ለማወቅ የሚሞክር ሰው ይሳሳታል። «ሰላም» እንኳ በፊደል ሦስት፣ በክፍለ ቃል ሁለት ነው።

ፊደላችን ጨርሶ የማያሳየው ነገርም አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚዋኘው ነው፣ ሲጠብቅ ቀንደኛው ማለት ነው፤ አጻጻፉ ግን አንድ ነው። «አለ»ም እንዲሁ፤ ላልቶ ተናገረ፣ ጠብቆ ይገኛል። የአማርኛ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚቀይር ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች በእነዚህ ሁለት ነገሮች፣ በሳድሱና በመጥበቁ፣ ይቸገራሉ፤ ሁለቱም ከገጹ ላይ አይነበቡምና።

«አቡጊዳ» እና «አብጃድ» የሚሉትን ስሞች ለአጻጻፍ ዓይነት መጠሪያ ያደረጋቸው ፒተር ዳንኤልስ ነው፣ በ1990። የመጀመሪያውን ከራሳችን አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ ወሰደ፤ ሁለተኛውን፣ ተናባቢ ብቻ ለሚጻፍበት ዓይነት የሰጠውን፣ ከዐረብኛው የቀድሞ የፊደል ተራ።

ጥያቄ፦ ዐረብኛ አናባቢ ሳይጻፍ እንዴት ይነበባል? አንባቢው ይገምታል ማለት ነው?

ግምት ሳይሆን ቅርጹን ማወቅ ነው። ከ፣ ተ፣ በ የሚሉት ሦስት ተናባቢዎች የመጻፍን ሐሳብ ይይዛሉ። «ከተበ» ጻፈ፣ «ኩቲበ» ተጻፈ፣ «ኩቱብ» መጻሕፍት ነው፤ ሦስቱም በእነዚያው ሦስት ፊደላት ይጻፋሉ። «ካቲብ»፣ ጸሐፊ፣ ሲሆን ግን አንድ አሊፍ ይጨመራል፤ ረጃጅም አናባቢዎች ይጻፋሉና። የሚቀሩት አጫጭሮቹ ብቻ ናቸው። አረፍተ ነገሩ ግስ ወይስ ስም እንደሚፈልግ ሲነግረው፣ አንባቢው ሦስቱን ተናባቢዎች በሚያውቀው መደብ ውስጥ ያስገባቸዋል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት ውስጥ የማይለወጡት ስ፣ ብ፣ ር ናቸው።

ችግሩ የሚመጣው ቃሉ መደብ ሲያጣ ነው። ለንደን በዐረብኛ ል፣ ን፣ ድ፣ ን ተብሎ ይጻፋል። ስሙን ሰምቶ የማያውቅ አንባቢ በመካከላቸው የቱን አናባቢ እንደሚያስገባ የሚጠቁመው የለም። ለዚህም ነው ንባቡ መሳሳት የሌለበት ቁርኣንና የልጆች መማሪያ የአናባቢ ምልክቶቹን በሙሉ የሚይዙት። ግዕዝም በመጀመሪያ በተናባቢ ብቻ ይጻፍ ነበር፤ አናባቢው በቅርጹ ላይ መታየት የጀመረው በ4ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዒዛና ዘመን በተቀረጹ ጽሑፎች ነው።

ጥያቄ፦ ሲላባሪ ለመማር ቀላል ከሆነ ሁሉም ቋንቋ ለምን አይጠቀምበትም?

ለጃፓንኛ የሚመቸው ክፍለ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ተናባቢና አንድ አናባቢ ብቻ ስለሆነ ነው፤ 46 መሠረታዊ ምልክቶች ከጥቂት ጭማሪዎች ጋር ይበቁታል። ተናባቢዎች ለሚደራረቡበት ቋንቋ ግን ምን እንደሚሆን በተግባር ታይቷል። ማይክል ቬንትሪስ በ1952 የፈታው ሊኒየር ቢ የተባለው ጽሑፍ ግሪክኛ የተጻፈበት ሲላባሪ ነው። ክኖሶስ የተባለችው ከተማ በዚህ ጽሑፍ «ኮ-ኖ-ሶ» ናት። «ክ» ብቻውን የሚቆምበት ምልክት ስለሌለ ከሚቀጥለው «ኖ» አናባቢ ተዋሰ፤ መጨረሻ ላይ ያለው «ስ» ደግሞ ተጣለ። ነሐስ ማለት የሆነው «ኻልኮስ» «ካ-ኮ» ተብሎ ይጻፋል። «ል» ጠፋ፣ «ስ» ጠፋ፣ «ኽ» እና «ክ»ም አይለዩም። በዚሁ ሕግ ክፉ ማለት የሆነው «ካኮስ» ቢጻፍ ያው «ካ-ኮ» ይሆናል። የዕቃ ዝርዝር ለሚመዘግብ ጸሐፊ ይህ ይበቃል፤ ረጅም ሐሳብ ለሚያነብ ግን ያደናቅፋል።

ግሪኮች በኋላ የፊንቄን 22 የተናባቢ ፊደላት ሲወስዱ ሌላ መንገድ አገኙ። በቋንቋቸው የማይሰሙ የጉሮሮ ድምፆች ፊደላት ሥራ ፈት ሆኑ። የእኛ አልፍ ዘመድ የሆነው ፊደል «አ» የተባለ አናባቢ፣ የዐይን ዘመድ «ኦ» ሆነ። አናባቢውም ተናባቢውም እኩል ፊደል ያገኘው ያኔ ነው፤ አልፋቤት የምንለው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ የኮሪያ ጽሑፍስ ከየትኛው ይመደባል?

ከአልፋቤት። ለዓይን አንድ ምልክት የሚመስለው «ሃን» በውስጡ ህ፣ ኣ እና ን የተባሉ ሦስት ፊደላት በአንድ ሳጥን ተሰብስበው የተጻፉበት ነው። አሰላለፉ እንደ ክፍለ ቃል ነው፤ ፊደሉ ግን የሚወክለው ነጠላ ድምፅ ነው።

ጥያቄ፦ የቻይንኛ ምልክቶች ሥዕል ናቸው፣ ድምፅ የላቸውም የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ሎጎግራፊ፣ ማለትም ምልክቱ ቃልን የሚወክልበት አጻጻፍ፣ ቢባልም አብዛኞቹ ምልክቶች ሁለት ክፍል አላቸው፤ አንዱ ስለ ትርጉም፣ ሌላው ስለ ድምፅ ይጠቁማል። «ቺንግ» የሚባለውን ክፍል ይውሰዱ። ከውኃ ጋር ሲጻፍ የጠራ፣ ከንግግር ጋር መለመን፣ ከልብ ጋር ስሜት፣ ከፀሐይ ጋር ብራ ማለት ነው። አራቱም «ቺንግ» ተብለው ይነበባሉ። ቃናቸው፣ ማለትም የድምፁ መውጣትና መውረድ፣ ግን አንደኛ፣ ሦስተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ ነው፤ የድምፁ ክፍል ክፍለ ቃሉን ይነግራል እንጂ ቃናውን አያረጋግጥም። ስሜትና ብራ በቃናም ስለማይለያዩ የሚለያቸው የትርጉሙ ክፍል ብቻ ነው። ቃና ሳይቆጠር ማንዳሪን የተባለው መደበኛው ቻይንኛ ወደ 400 የሚሆኑ ክፍለ ቃላት ብቻ ስላሉት ይህ መለያ ብዙ ይረዳል።

ጠቋሚው ሁልጊዜ አይታመንም። ወንዝ ማለት የሆነው «ጂያንግ» የድምፅ ክፍሉ «ጎንግ» ነው። ምልክቱ ሲሠራ ሁለቱ ይቀራረቡ ነበር፤ ንግግሩ ሲለወጥ ጽሑፉ ባለበት ቆመ። ስለዚህ አዲስ ምልክት ያጋጠመው ተማሪ በድምፅ ክፍሉ ንባቡን መገመት ይችላል፤ ከመዝገበ ቃላት ጋር ሳያስተያይ ግን ጮክ ብሎ ማንበብ የለበትም።