የምዘና ማስታወቂያ ስታዘጋጁ «3» ምን ማለት እንደሆነ ጻፉ

ጥያቄ፦ «አዲስ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ልንጀምር ነው። ለሁሉም ሠራተኛ የሚላከውን ማስታወቂያ እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። የጊዜ ሰሌዳውን፣ የውጤት ደረጃዎቹንና የኃላፊዎችን ድርሻ እንዴት ባስቀምጠው ነው ሰው ሳይደነግጥ የሚረዳው? የሠራችሁ ካላችሁ አካፍሉኝ፣ እህታችሁ ነኝ።»

እህቴ፣ አንድ መስመር ከመጻፍሽ በፊት ደመወዝ ክፍል ሄደሽ ጭማሪው የሚገባበት ወር ሂሳብ በስንት ቀን እንደሚዘጋ ጠይቂ። የጊዜ ሰሌዳው ከዚያ ቀን ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው የሚሠራው። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ፊት የሚቆጥር ሰው መጨረሻ ላይ የሚያጥረው የቅሬታ ጊዜ ነው፣ ሰው ደግሞ ይበልጥ የሚቆጣው በዚያ ነው።

ለምሳሌ የጸደቀው ውጤት ደመወዝ ክፍል መድረስ ያለበት በወሩ 15 ነው እንበል። ከዚያ በፊት ለቅሬታ 2 ሳምንት፣ ከቅሬታው በፊት ኃላፊና ሠራተኛ ፊት ለፊት ለሚወያዩበት 2 ሳምንት፣ ከውይይቱ በፊት ኃላፊዎች ረቂቅ ውጤቶቻቸውን ለሚያመሳክሩበት ስብሰባ 1 ሳምንት፣ ረቂቁን ለማዘጋጀት 2 ሳምንት፣ ሠራተኛው ራሱን ለሚመዝንበት 1 ሳምንት ያስፈልጋል። ድምሩ 8 ሳምንት ስለሆነ ማስታወቂያው ከዚያም ቀደም ብሎ መውጣት አለበት። ለውይይት 2 ሳምንት ይበዛል የሚል አለቃ አይጠፋም። 10 ሰው የሚመራ ኃላፊ ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ ቢሰጥ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል፣ የዕለት ሥራውም አይቆምለትም። ይህን ስሌት አሳዪው።

ለሠራተኛው ግን ይህን ሁሉ አትዘርዝሪለት። የሚፈልጋቸው ቀኖች ሦስት ናቸው፦ የራስ ምዘና የሚዘጋበት፣ ውይይቱ የሚካሄድበትና ቅሬታ የሚያበቃበት። ማመሳከሪያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀስ፣ ከእሱ በፊት ማንም ኃላፊ ውጤት እንደማይናገርም ይጻፍ። አንዱ አስቀድሞ «4 ሰጥቼሃለሁ» ብሎ ስብሰባው 3 ካደረገው፣ ሠራተኛው የሚሰማው ነጥብ እንደተወሰደበት ነው።

ማስታወቂያዎች ይበልጥ የሚበላሹት በውጤት ደረጃው ላይ ነው። ሰው ከትምህርት ቤት የለመደው ከመቶ ስለሆነ ከ5 ሦስት ሲያይ 60 ያገኘ ይመስለዋል። «3 - የሚጠበቀውን ያሟላ» ብሎ ማለፍም ይህን ስሜት አያጠፋውም። አንድ የታወቀ ሥራ ወስደሽ በእሱ አስረጂ። ወርሃዊ ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሠራተኛ እንውሰድ። ሪፖርቱ በየወሩ ትክክለኛ ሆኖ በቀኑ፣ ጎትጓች ሳያስፈልገው ከደረሰ 3 ነው፤ ማለትም ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። በዚህ ላይ የሚደጋገመውን ስህተት ምንጭ ፈልጎ ካደረቀና የሌሎችንም ሥራ ካቀለለ 4 ነው። 5 የመላ ክፍሉን አሠራር ለለወጠ፣ ከስንት አንዴ የሚሰጥ ነው። ሪፖርቱ በተደጋጋሚ የሚዘገይ ወይም ለእርማት የሚመለስ ከሆነ 2፣ ተነግሮትና ታግዞም ካልተሻሻለ 1። ቀጥሎ «አብዛኞቻችን 3 እንደምንሆን ይጠበቃል» ብለሽ በግልጽ ጻፊ። ለ4 እና ለ5 ኮታ ካለም አትደብቂው፣ መውጣቱ አይቀርምና። የተለያዩ ግቦች አማካይ 3.5 ቢመጣ ወደ የት እንደሚጠጋጋም አሁኑኑ አስወስኚ።

የኃላፊዎችን ድርሻ በተመለከተ «ፍትሐዊ ምዘና ያካሂዳሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስጠይቅም። እኔ ይህን ክፍል «ከቅርብ ኃላፊዎ ምን ይጠብቃሉ?» በሚል ርዕስ ነው የምጽፈው። ሠራተኛው ራሱ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ብቻ ይገባበታል። ኃላፊው ፊት ለፊት ያወያየዋል፣ ውጤቱን በኢሜይል ብቻ አይልክም። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቢያንስ አንድ ተጨባጭ ምሳሌ ያቀርባል፣ ምሳሌዎቹም ከመላው የምዘና ዘመን እንጂ ካለፈው ወር ብቻ አይለቀሙም። 2 ወይም 1 የሚሰጠው ሰው ችግሩን በዘመኑ ውስጥ ተነግሮት መሆን አለበት። ሠራተኛው ሲፈርም ውጤቱን አየሁ ማለቱ እንጂ ተስማማሁ ማለቱ እንዳልሆነም ጨምሪ፤ ይህ አንድ መስመር ብዙ የፊርማ እምቢታ ያስቀራል።

ጽሑፉን ለኃላፊዎች ከሌላው ሠራተኛ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድመሽ ላኪ፣ ለጥያቄም ሰብስቢያቸው። ማስታወቂያው በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰው የሚጠይቀው አለቃውን ነው። አለቃው «እኔም ገና አሁን ነው ያየሁት» ካለ ጉዳዩን ዋጋ ያሳጣሽው አንቺ ትሆኛለሽ።

ስለ ጭማሪና ቦነስ ውጤቱ ይነካቸው እንደሆነ፣ ገና ካልተወሰነም መቼ እንደሚገለጽ በአንድ መስመር ተናገሪ። በመጨረሻም በዘመኑ አጋማሽ የተቀጠረ፣ ከክፍል ክፍል የተዛወረና የወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች ሠራተኛ በምን እንደሚመዘኑ አስቀምጪ። ለተዛወረው የቀድሞ ኃላፊው አስተያየት በጽሑፍ መምጣት አለበት፣ አለበለዚያ አዲሱ አለቃ የማያውቀውን ሥራ ሊመዝን ይቀመጣል።