ካርቶኑ ደህና፣ ኩባያው ስብርባሪ

«የሴራሚክ ኩባያ በኦንላይን እሸጣለሁ። በቅርቡ ከላክኋቸው 100 እሽጎች 6ቱ ተሰብረው ደረሱ፤ የሚገርመው ካርቶኑ ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ወፍራም ካርቶን ልግዛ ወይስ ወደ ውዱና ፈጣኑ ዴሊቨሪ ልቀይር? ደንበኞቼም ‹መቼ ነው የሚደርሰው› እያሉ ያስጨንቁኛል፤ ዋጋ መጨመር ደግሞ አልችልም።»

እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተዪው። ካርቶኑ ሳይጎዳ ውስጡ ያለው ዕቃ ከተሰበረ ችግሩ ከካርቶኑ አይደለም። ወፍራም ካርቶን የሚያድነው ሌላ ዕቃ ሲደራረብበት እንዳይደቅ ነው። እሽጉ ሲወድቅ ግን ካርቶኑ መሬት ላይ ይቆማል፣ ኩባያው ውስጥ ለውስጥ መንገዱን ይቀጥላል፣ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። ግድግዳውን ብታወፍሪው የበለጠ ጠንካራ ነገር ነው የሚጠብቀው።

ደንበኞቹ የላኩልሽን የስብርባሪ ፎቶ አውጪና አንድ በአንድ እዪው። ጆሮው ብቻ ተገንጥሎ ገላው ደህና ከሆነ፣ በጆሮውና በገላው መካከል ያለው ክፍተት ባዶ ነበር፤ ጉልበቱ ሁሉ ጆሮው ላይ አረፈ። አፉ ወይም የታችኛው ጠርዙ ከተሰነጠቀ ኩባያው ወደ አንድ ወገን ሸሽቶ ካርቶኑን ነክቷል። የካርቶኑ ጥግ ወደ ውስጥ ገብቶ ኩባያው ከደቀቀ ግን ያኔ ስለ ካርቶን ጥንካሬ እናወራለን። የመጨረሻው ዓይነት ካንቺ 6 ውስጥ ቢበዛ አንድ ቢሆን ነው ብዬ እገምታለሁ።

አስተሻሸጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የጆሮውን ክፍተት በተጨማደደ ወረቀት ሙዪው፣ ኩባያውንም ከውስጥ እንዲሁ። ከዚያ በትንንሽ ባብል ሁለት ዙር ጠቅልዪው፤ የባብሉ እብጠት ወደ ኩባያው ይዙር፣ ለስላሳው ወገን ወደ ውጭ። ካርቶኑ ሥር ወረቀት ጠቅጥቂ፣ ኩባያውን መሃል አስቀምጪ፣ ዙሪያውንና ላዩን ሙዪ። ክዳኑን ስትዘጊ ትንሽ እምቢ ማለት አለበት። ከታሸገ በኋላ ጆሮሽ አጠገብ ይዘሽ ነቅንቂው። ምንም ነገር ከተንቀሳቀሰ ፈተሽ አድርገሽ እንደገና ጀምሪ፣ «ይሁን» አትበዪ።

«ጠቅጥቂ» ያልኩት በምክንያት ነው። እኔ ሥራውን ስጀምር ወረቀት በእጄ ድብልብል እያደረግኩ እጥል ነበር፣ ካርቶኑ ሙሉ ይመስላል፣ ዓይን ይሞላል። መኪና ላይ ሲንገጫገጭ ግን ወረቀቱ እየተኛ ይሄዳል፣ ከላይ ክፍተት ይፈጠራል፣ መንገዱ ሲያልቅ ሳህኖቹ እየተንሸራሸሩ ነው። አንድ ሙሉ ጭነት በዚህ ተበላሽቶብኝ፣ ለሁለት ሳምንት አሽከርካሪውን ስራገም ከርሜያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነበር።

ፕላስተር ላይ አትሰስቺ። 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ተጠቀሚ፤ የመሃሉን ስፌት ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ጫፍ ያሉትንም ስፌቶች ለጥፊ፣ ከሥርም ከላይም። አንዴ ያገለገለና የተጣጠፈ ካርቶን ጉልበቱ ስለሚቀንስ ለኩባያ አይሁን። «ተሰባሪ» የሚለውን ጽሑፍ ለጥፊው ካልሽ ለጥፊው፣ እሽጉ ግን ማንም እንዳላነበበው ሆኖ መታሸግ አለበት።

አሁን ገንዘብ የሚበላው ነገር ጋ ደረስን፣ የካርቶኑ መጠን። ለተሰባሪ ዕቃ በየአቅጣጫው 5 ሳንቲ ሜትር መከላከያ ይተው የሚል የቆየ ደንብ አለ። ኩባያሽ ከነጆሮው 12 በ9 በ10 ነው እንበል። በደንቡ ከሄድሽ ካርቶኑ 22 በ19 በ20 ይሆናል። ብዙ ዴሊቨሪዎች ደግሞ ቀላል ግን ቦታ የሚይዝ ዕቃ ሲሆን የሚያስከፍሉት በሚዛን ሳይሆን በመጠን ነው፤ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲ ሜትር ተባዝቶ ለ5000 ይካፈላል፣ የሚወጣው እንደ ኪሎ ይቆጠራል። አካፋዩ ከድርጅት ድርጅት ስለሚለያይ የራስሽን ጠይቂ። በዚህ ሒሳብ ያ ካርቶን 1.67 ኪሎ ነው፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ የ2 ኪሎ ትከፍያለሽ። በየአቅጣጫው 3 ሳንቲ ሜትር ብትተዪ 18 በ15 በ16 ይሆናል፣ 0.86 ኪሎ፣ የ1 ኪሎ ሒሳብ። ለከባድ ዕቃ 3 ሳንቲ ሜትር አይበቃም። ለቀላል ነጠላ ኩባያ ግን በደንብ ከተጠቀጠቀ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

እኔን አትመኚኝ፣ ጣዪውና እዪ። ለሽያጭ የማይሆን እንከን ያለበት ኩባያ አሽጊና ከ76 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ከጠረጴዛ ከፍታ፣ 10 ጊዜ ጣዪው፦ አንዴ በጥግ፣ ከዚያ ጥግ በሚነሱት ሦስት ጠርዞች፣ ከዚያ በስድስቱም ገጽ። የማሸጊያ ፈታሾች ለቀላል እሽግ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በሦስት እሽግ ሞክሪው። ሦስቱም ከተረፉ 3 ሳንቲ ሜትሩ ይበቃሻል፣ ካልተረፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ጨምሪና ድገሚው።

ስንት ማውጣት አለብኝ ካልሽ፣ የኩባያውን መሸጫ 100 እናድርገው። ለአንቺ የሚያስወጣሽ 40፣ ማሸጊያው 5፣ ማድረሻው 15 ቢሆን፣ አንድ ኩባያ ሲሰበር ምትክ ለመላክ 60 ይሄዳል። ከ100 እሽግ 6 ሲሰበር 360፣ ለእያንዳንዱ እሽግ ሲካፈል 3.6 ነው። ይሄ ጣሪያሽ ነው፤ ስብራትን ጨርሶ ዜሮ የሚያደርግ መላ እንኳ በእሽግ ከ3.6 በላይ ካስወጣሽ ኪሳራ ነው። (ተቀይሞ የሚቀር ደንበኛ እዚህ አልተቆጠረም፣ ስለዚህ ትንሽ ከፍ ብታደርጊው አልከራከርም።) ተጨማሪ ወረቀትና ባብል 1.5 ቢፈጅና ስብራቱ ከ6 ወደ 1 ቢወርድ በእሽግ 3 ታድኛለሽ፣ 1.5 እጅሽ ላይ ይቀራል። ወደ 2 ኪሎ መዝለል ግን ማድረሻውን በ4 ቢጨምር ከጣሪያው አለፍሽ።

ፈጣኑ ዴሊቨሪ? ፈጣን ማለት ረጋ ብሎ የሚይዝ ማለት አይደለም። እንዲያውም የሚቸኩል ሰው ይወረውራል። ደንበኞችሽ «መቼ ነው» የሚሉት ቀኑን ስላላወቁት ነው። የመጨረሻዎቹን 50 እሽጎች ተመልከቺና ስንት ቀን እንደፈጁ ጻፊ። 45ቱ በ4 ቀን ውስጥ ከደረሱ፣ ሲያዝዙ «እስከ 5 ቀን» በዪ፣ እሽጉ ከእጅሽ የወጣ ዕለትም አጭር መልእክት ላኪ። በ3 ቀን ሲደርስ ደስ ይላቸዋል። «በ2 ቀን» ብለሽ በ3 ቢደርስ ግን ያው እሽግ ቅሬታ ይዞ ይመጣል። ፈጣኑን የፈለገ ልዩነቱን ከፍሎ ይምረጥ፣ ለሁሉም አታድርጊው።

ተሰብሮ የደረሰ ካለ ፎቶ ተቀበዪና ምትኩን በዚያው ቀን ላኪ፤ የተሰበረውን መልሱ አትበዪ፣ ለስብርባሪ የመመለሻ ሒሳብ ከፍለሽ ምን ልታደርጊው ነው? ካርቶኑም ፎቶ ይነሳ፣ ከውጭም ከውስጥም።

አንድ የምፈራልሽ ነገር አለ። አዲሱን አስተሻሸግ ጀምረሽ 30 እሽግ ያለ ስብራት ሲያልፍ «ተገላገልኩ» እንዳትዪ። የስብራቱ መጠን እዛው 6 ላይ እያለም 30 ተከታታይ እሽጎች በዕድል ብቻ ሊተርፉ ይችላሉ፣ ከስድስት ሙከራ በአንዱ ገደማ እንዲህ ይሆናል። 100 እስኪሞላ ቁጠሪ፣ በመሃል ካርቶኑንም ዴሊቨሪውንም አትቀይሪ፣ አለዚያ የትኛው እንዳዳነሽ አታውቂም።