ኤቲፒ ስኳር የሚፈርስበትን መንገድ ለምን ያቀዘቅዛል?

ባዮኬሚስትሪ ለምታጠኑ ወጣቶች፣

«ኤቲፒ ፎስፎፍራክቶካይኔዝን ይገታል» የሚለውን በቃላችሁ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ይህ ኢንዛይም ፍራክቶዝ 6-ፎስፌትን ወደ ፍራክቶዝ 1,6-ቢስፎስፌት ሲለውጥ ፎስፌቱን የሚወስደው ከራሱ ከኤቲፒ ነው። ታዲያ የሚሠራበት ነገር ሲበዛለት እንዴት ይቀዘቅዛል?

ኤቲፒ ኢንዛይሙ ላይ የሚያርፍባቸው ቦታዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ሥራው የሚሠራበት ነው፤ ኤቲፒን አጥብቆ ስለሚይዝ በትንሽ መጠንም ይሞላል። ሌላው ከዚያ ራቅ ያለው አሎስቴሪክ ቦታ ነው፤ አያያዙ ላላ ያለ ስለሆነ የሚሞላው ኤቲፒ ሲበዛ ነው። ይህ ሲሞላ የኢንዛይሙ ቅርጽ ይለወጥና ፍራክቶዝ 6-ፎስፌትን የመያዝ አቅሙ ይዳከማል። ስለዚህ ፍራክቶዝ 6-ፎስፌት ጥቂት በሆነበት ኤቲፒን እየጨመራችሁ ብትለኩ፣ ፍጥነቱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል። ፍራክቶዝ 6-ፎስፌቱን በብዛት ብትጨምሩ ግን መውረዱ በአብዛኛው ይጠፋል። ይህን ግራፍ በእጃችሁ ሳሉት፤ ከብዙ ገጽ ንባብ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጎበዝ ተማሪ ይቸገራል፦ በሚሠራ ጡንቻ ውስጥ ኤቲፒ ብዙም አይቀንስም፤ ታዲያ እግዱ በምን ይነሳል? በኤኤምፒ ነው። አዴኒሌት ካይኔዝ ሁለት ኤዲፒዎችን ወደ አንድ ኤቲፒና አንድ ኤኤምፒ ይለውጣል፤ ይህ ሂደት በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። የሦስቱ ድምር 5 ሚሊሞላር፣ የሚዛኑ ቋሚ 0.44 ይሁን። ኤቲፒ 4.5 ሲሆን ኤኤምፒ 0.02 ገደማ ነው። ኤቲፒ ወደ 4.0 ሲወርድ ኤኤምፒ 0.09 ገደማ ይደርሳል። ኤቲፒ በ11 በመቶ ሲቀንስ ኤኤምፒ አራት እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ኤኤምፒ ደግሞ የኤቲፒን እግድ ይሽራል። ለእኔ የዚህ ሁሉ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሲትሬት የሚያመጣው መልእክት ሌላ ነው። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ተሠርቶ ሲትሪክ አሲድ ዑደቱ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ ሲሆን ወደ ሳይቶሶል ይወጣል፤ እዚያም የኤቲፒን እግድ ያጠነክራል። ዑደቱን የሚመግበው ከበቂ በላይ ስለሆነ ተጨማሪ ግሉኮስ ማፍረስ አያስፈልግም። የልብ ጡንቻ ፋቲ አሲድ ሲያቃጥል የግሉኮስ አጠቃቀሙ የሚቀንሰው በከፊል በዚህ ነው። ጉበት ውስጥ ግን በሲትሬት ብቻ አትፍረዱ፤ ፍራክቶዝ 2,6-ቢስፎስፌት የሚባለው ኃይለኛ አንቀሳቃሽ ሚዛኑን ሊገለብጠው ይችላል።

ፍሬኑ የተያዘው በእርግጥ እዚህ መሆኑን ለማወቅ ከኢንዛይሙ በፊትና በኋላ ያሉትን ለኩ። ፍራክቶዝ 6-ፎስፌት ከፍ ብሎ ፍራክቶዝ 1,6-ቢስፎስፌት ዝቅ ካለ የተዘጋው ፎስፎፍራክቶካይኔዝ ነው። የተጠራቀመው ወደ ግሉኮስ 6-ፎስፌት ስለሚመለስ በጡንቻ ውስጥ ሄክሶካይኔዝም ይታገታል። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ችግሩን ከዚህ በላይ፣ ግሉኮስ ወደ ሴል ከሚገባበት ጀምሩና ፈልጉት።